የሐበሻ ቀሚስን በደንበኛ ፎቶ ላይ እንዴት እናለብሳለን?

እህቴ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ የሐበሻ ቀሚስ ትሸጣለች። ጥምቀት ሲቃረብ ከውጭ አገር የሚጽፉላት ይበዛሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «እኔ ላይ ምን ይመስላል?» የቀሚሱን ፎቶ ወስዶ ደንበኛዋ ፎቶ ላይ ማልበሱ የኔ ስራ ነው። የምሰራው ጊምፕ በሚባለው ነፃ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው። አንድ ቀሚስ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስድብኛል።

በሰከንዶች የሚያለብሱ የኤአይ ሞዴሎች አሉ። ሞክሬያቸዋለሁ፤ ለቲሸርት ጥሩ ናቸው። ጥለት ላይ ግን ይቸገራሉ። ብዙዎቹ የሚሰሩት 1024 በ768 ፒክሰል በሆነ ምስል ነው። ውስጥ ለውስጥ ደግሞ በየአቅጣጫው ስምንት ስምንት ፒክሰሉን ወደ አንድ ነጥብ ይጨምቁታል። 160 ሴንቲሜትር የሆነች ሴት በምስሉ ላይ 900 ፒክሰል ብትይዝ፣ ስምንት ፒክሰል ማለት 1.4 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ጥለቱ ላይ ያለች ትንሽ መስቀል ከዚያ ካነሰች ሞዴሉ በደንብ አይይዛትም። ገምቶ የራሱን ይሰራል። ደንበኛዋ ያየችው ጥለትና የሚደርሳት ጥለት ይለያያሉ ማለት ነው። በዚያ ላይ እንደ CatVTON እና IDM-VTON ያሉት ፈቃዳቸው ለንግድ አይሆንም። ስለዚህ በእጅ እሰራለሁ።

ፎቶዎቹ

ግማሹ ስራ እዚህ ነው። ቀሚሱን መስቀያ ላይ ሰቅዬ ጥላ ውስጥ አነሳዋለሁ፤ ፀሐይ ላይ በፍጹም። ነጭ ሸማ ፀሐይ ሲያርፍበት ሽመናው ጠፍቶ ወረቀት ይመስላል። አንዴ የነጣ ፎቶ ደግሞ በኋላ አይመለስም። ስልኩ ላይ ብርሃኑን ዝቅ አድርጋችሁ የክሩ መስመር ሲታይ አንሱት።

ደንበኛዋን የምንጠይቃት ሦስት ነገር ነው። ስልኩ በወገቧ ልክ ይያዝ፤ ሦስት ሜትር ያህል ይራቅ። ጌጥ የሌለው፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ሰፊ ቀሚስ ትልበስ። ፎቶውን በቴሌግራም ስትልክ ደግሞ እንደ ፋይል ትላከው፤ እንደ ፎቶ ከተላከ መጠኑ ይቀንሳል። ልብሱ አበባ ወይም መስመር ያለበት ከሆነ ሌላ ፎቶ እንጠይቃለን። ለምን እንደሆነ እጥፋቱ ጋ ስንደርስ ይገባችኋል።

ልኩ

ቀሚሱን በ`Paths` መሳሪያ ዙሪያውን ቆርጬ ደንበኛዋ ፎቶ ላይ አስቀምጠዋለሁ። በአንገቱ በኩል የሚታየውን የጀርባውን ውስጠኛ ጨርቅ መቁረጥ አትርሱ። ከዚያ ስፋቱን እስኪመስለኝ አልጎትትም፤ አሰላዋለሁ።

ባለፈው የመጣችውን አንዷን ደንበኛ እንውሰድ። ቁመቷ 160 ሴንቲሜትር ነው፤ ፎቶው ላይ ከራሷ እስከ ተረከዟ 1440 ፒክሰል ሆነች። አንድ ሴንቲሜትር 9 ፒክሰል ማለት ነው። ቀሚሱን በሜትር ስለካው ከትከሻው እስከ ጫፉ 138 ሴንቲሜትር ወጣው። ስለዚህ ፎቶው ላይ 1242 ፒክሰል መሆን አለበት። ከትከሻዋ እስከ መሬት ያለው ግን 1180 ፒክሰል ብቻ ነው። ቀሚሱ ሰባት ሴንቲሜትር ገደማ መሬት ይጎተታል።

ድሮ ቢሆን ቀሚሱን ጨምቄ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አሳርፈው ነበር። አንድ ጊዜ እንደዚያ ሰርቼ፣ ሴትየዋ ቀሚሱ ሲደርሳት እየረገጠችው መራመድ አቃታት። እህቴ ገንዘቡን መለሰች። ዛሬ ቀሚሱ ስንት ሴንቲሜትር እንደሚተርፍ ለደንበኛዋ እንነግራታለን። ጥለቱ ጫፉ ላይ ስለሆነ ከታች አይቆረጥም፤ ልብስ ሰፊው ከወገቡ ያሳጥረዋል። እኔም ፎቶው ላይ የማሳጥረው ከወገቡ ነው።

አቋቋሙ

ይቺው ደንበኛ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው የቆመችው። መስቀያ ላይ ያለው እጅጌ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። እጅጌውን ከትከሻው ስፌት ላይ ቆርጬ የራሱ ሌየር፣ ማለትም ለብቻው የሚንቀሳቀስ ንብርብር፣ አደርገዋለሁ። የመዞሪያውን ነጥብ ትከሻው ላይ አድርጌ አዞረዋለሁ። ክርኑ ላይ እንደገና ለሁለት ከፍዬ ታችኛውን ክፍል ለብቻው አዞራለሁ። የሚቀረውን ክፍተት በ`Warp Transform` ቀስ ብዬ እገፋዋለሁ። ሙሉ እጅጌውን በዚህ መሳሪያ ለማጠፍ የሞከረ ሰው ጥለቱ እንደ ማስቲካ ሲለጠጥ ያያል።

ወገቧ ላይ ያረፉት ጣቶች ከቀሚሱ በላይ መታየት አለባቸው። ጣቶቹን ከዋናው ፎቶ ቀድቼ ከሁሉም በላይ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ጠርዛቸውን በአንድ ፒክሰል አለሰልሳለሁ።

እጥፋቱ

እስካሁን የሰራነው ቀሚስ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ልብስ የሚያስመስለው እጥፋቱ ነው፤ እጥፋቱን ደግሞ ደንበኛዋ ራሷ ለብሳ ልካልናለች። ፈዛዛና ጌጥ የሌለው ልብስ የጠየቅነው ለዚህ ነው። አበባ ቢኖርበት ፕሮግራሙ አበባውንም እጥፋት ነው ብሎ ይወስደዋል።

የደንበኛዋን ፎቶ ሁለት ጊዜ ቅዱትና ሁለቱንም በ`Colors > Desaturate` ጥቁርና ነጭ አድርጓቸው። አንደኛው ለጥላ፣ ሌላኛው ጥለቱን በእጥፋቱ ልክ ለመግፊያ ነው።

የመግፊያውን ቅጂ በ`Gaussian Blur` ስምንት ፒክሰል ያህል አደብዝዙት፤ ካልደበዘዘ የክሩ ሻካራነት ጥለቱን ያንቀጠቅጠዋል። በ`Levels` ደግሞ እጥፋት የሌለበት ቦታ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን አድርጉ። ከዚያ ቀሚሱን መርጣችሁ `Filters > Map > Displace` ክፈቱ፤ ይህን ቅጂ ካርታ አድርጋችሁ ስጡት። የሁለቱ ሌየሮች መጠን እኩል ይሁን። መካከለኛ ግራጫ ያለበት ጨርቅ ባለበት ይቀራል። ብሩህና ጨለማ የሆነው ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይገፋል። ከ8 እስከ 12 ፒክሰል ይበቃል። ከደረት ወደ ታች የሚወርደውን ጥለት የሚያጣምመው `X` ነው። የጫፉን ጥለት ከእጥፋቱ ጋር ከፍ ዝቅ የሚያደርገው `Y` ነው። የጫፉ ጥለት እጥፋት ላይ ቀጥ ብሎ ካለፈ ሪባን የተለጠፈበት ይመስላል። ማንም ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

የጥላውን ቅጂ ከቀሚሱ በላይ አድርጋችሁ ሁነቱን `Multiply` በሉት። በማስክም ከቀሚሱ ውጭ እንዳይወጣ ያዙት። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። የደንበኛዋ ልብስ ነጭ ስላልሆነ ሐበሻ ቀሚሱን በሙሉ ያጠቁረዋል፤ ታጥቦ ያልነጣ ይመስላል። በ`Levels` የነጩን ማንሻ ወደ ግራ ጎትቱት፤ እጥፋት የሌለበት ቦታ ፍጹም ነጭ ሲሆን አቁሙ። አሁን የሚቀረው የእጥፋቱ ጥላ ብቻ ነው። ሸማ ስስ ስለሆነ ጥላው ለስላሳ ነው፤ እኔ `Opacity` 60 ላይ እተወዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ስልኩ የተያዘው በወገብ ልክ ስለሆነ የቀሚሱን ጫፍ የምናየው ከላይ ነው። ስለዚህ ጫፉ መሐሉ ላይ ትንሽ ዝቅ ብሎ መጎበጥ አለበት። መስቀያ ላይ ቀጥ ብሎ የነበረውን በ`Warp Transform` መሐሉን ወደ ታች ግፉት።

ስጨርስ ምስሉን በ`Flip` እንደ መስታወት አዞረዋለሁ። ለሁለት ሰዓት ያፈጠጠ ዓይን ስህተትን ይለምዳል፤ ሲገለበጥ ግን ጎልቶ ይወጣል። መጀመሪያ የማየው ብብቱን፣ ቀጥሎ ከአገጯ ስር ያለውን ጥላ ነው። ያቺ ደንበኛ ላይ የአገጭ ጥላ ረስቼ ስለነበር አንገቷ የተለጠፈ ይመስል ነበር፤ በለስላሳ ብሩሽ ትንሽ ግራጫ ጨመርኩበትና ለእህቴ ላክሁላት።