በጥሬ ገንዘብ ሽያጭ የተሰበሰበ ቫት፦ በምዝገባና በክፍያ ጊዜ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በደሴና በኮምቦልቻ የሚገኙ የመካከለኛ ነጋዴዎችን መዛግብት ስመረምር ደጋግሜ የማገኘው ጉድለት ከባድ ከሚባለው የሂሳብ ክፍል የሚመነጭ አይደለም። የሚመነጨው ሁሉም አውቀዋለሁ ከሚለው ከጥሬ ገንዘብ ሽያጭ ነው። ዕቃው ይሸጣል፣ ደረሰኙ ይቆረጣል፣ ገንዘቡ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ገንዘብ ውስጥ የተወሰነው ግን ከመጀመሪያውኑ የነጋዴው አልነበረም። ነጋዴው ለመንግሥት የሰበሰበው የተጨማሪ እሴት ታክስ እስከሚከፈልበት ቀን ድረስ በእጁ ያለ ዕዳ ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች በሙሉ ይህን ካለመያዝ የሚመጡ ናቸው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ለቫት የተመዘገበ፣ ደሴ ውስጥ ቆርቆሮ፣ ምስማርና ቀለም የሚሸጥ መደብር ሰኔ 28 ቀን በጥሬ ገንዘብ 69,000 ብር ሰበሰበ እንበል። ይህ ገዥዎች በደረሰኝ የከፈሉት ጠቅላላ ዋጋ ነው። የታክሱ ልክ 15 በመቶ ስለሆነ የዕቃው ዋጋ 60,000 ብር፣ ቫቱ ደግሞ 9,000 ብር ይሆናል። ምዝገባው ይህን ይመስላል፦

ዴቢት፦ ጥሬ ገንዘብ 69,000
ክሬዲት፦ ሽያጭ 60,000
ክሬዲት፦ ሊከፈል የሚገባ ቫት 9,000

የመጀመሪያው ስህተት ስሌቱ ላይ ነው። ጀማሪ ሂሳብ ሠራተኞች 69,000ውን በ15 በመቶ አባዝተው 10,350 ብር ቫት ይመዘግቡና ቀሪውን 58,650 ብር ሽያጭ ያደርጉታል። ታክሱ የታሰበው በ60,000ው ላይ እንጂ ታክሱን ራሱን በያዘው ድምር ላይ ስላልሆነ፣ ጠቅላላውን ለ1.15 ማካፈል ይገባል፤ የሚገኘው የዕቃው ዋጋ ነው፣ ልዩነቱ ቫት ነው። ስህተቱን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው በቀኑ መጨረሻ የሚያወጣውን ዜድ ሪፖርት ማየት ነው። መሣሪያው ታክሱን ለይቶ ያሳያል፤ በጆርናሉ ላይ ያለው ቁጥር ከዚያ ከበለጠ አባዢው ተሳስቷል ማለት ነው። እንዲያውም ሪፖርቱ በእጅ እያለ በራስ ስሌት የሚለፋበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው የቀን ጉዳይ ነው። የሰኔ 28 ሽያጭ ገንዘብ ባንክ የሚገባው ሐምሌ 1 ወይም 2 ሊሆን ይችላል፤ ምዝገባው ግን የሽያጩን ቀን እንጂ የባንኩን ቀን አይከተልም። ገንዘቡ ባንክ ሲገባ የሚመዘገበው ሌላ ነገር ነው፦ ባንክ ዴቢት፣ ጥሬ ገንዘብ ክሬዲት። ይህን የሚያምታታ ሰው የሰኔን ታክስ ወደ ሐምሌ፣ ይባስ ብሎም የአንዱን የበጀት ዓመት ሽያጭ ወደ ሌላው ያሻግራል።

አሁን ብዙ ጊዜ ልወስድበት ወደምፈልገው ስህተት ልግባ፤ ምክንያቱም ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው፣ የሚፈጽሙትም ልምድ ያላቸው ሰዎች ጭምር ናቸው። ይህም የተሰበሰበውን 69,000 ብር በሙሉ ሽያጭ ብሎ መመዝገብና ታክሱ ሲከፈል ደግሞ «የታክስ ወጪ» ብሎ መያዝ ነው። አንድ የደሴ ነጋዴ «ልጄ፣ ከእጄ የወጣ ገንዘብ እንዴት ወጪ አይባልም?» ሲሉኝ ጥያቄያቸው የቅን ሰው ጥያቄ ነበር። የመለስሁላቸው «አባባ፣ ሲገባም የእርስዎ ገቢ አልነበረም፤ ገቢ ያልነበረ ነገር ሲወጣ ወጪ አይሆንም» ብዬ ነው። ነጋዴው ሰብሳቢ ነው፤ ታክሱን የተሸከመው ቆርቆሮውን የገዛው ሰው ነው።

እርሳቸው የተረዱትን ያህል የሂሳብ ሠራተኛቸው አልተረዳልኝም። «ሽያጩም ወጪውም በእኩል ካደገ ትርፉ ያው አይደለም ወይ?» ሲል ተከራከረኝ። ክርክሩ እውነት የሚመስለው በበጀት ዓመቱ መካከል ነው። የጥቅምት ታክስ በኅዳር ሲከፈል ገቢውም ወጪውም በአንድ ዓመት ውስጥ ይወድቃሉና እርስ በርስ ይጣፋሉ። የሰኔ ታክስ ግን የሚከፈለው በሐምሌ ነው፤ ሐምሌ ደግሞ አዲስ የበጀት ዓመት ነው። ስለዚህ ሰኔ 28 የተሰበሰበው 9,000 ብር ባለፈው ዓመት ትርፍ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ክፍያው ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ትርፍ ይቀንሳል። ነጋዴው ባላተረፈው ገንዘብ ላይ የትርፍ ግብር ይከፍላል ማለት ነው። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የአምናው ሰኔ ሲገባ የዘንድሮው ሰኔ ስለሚወጣ ቁጥሩ የተስተካከለ ይመስላል፤ ስህተቱን ለዓመታት የሚሸሽገውም ይኸው ነው።

ትርፉ ባይዛባ እንኳ ሽያጩ በግልጽ ይዛባል። በዓመቱ ውስጥ በየወሩ ለታክስ ባለሥልጣኑ የተገለጸው ሽያጭ ተደምሮ 10,000,000 ብር ከሆነ፣ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ያለው ሽያጭም ያው መሆን አለበት። ሁሉም ሽያጭ ቫት የሚከፈልበት ሆኖ ሳለ መግለጫው 11,500,000 ካለ፣ መርማሪው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ያ 1,500,000 ብር ሳይገለጽ የቀረ ሽያጭ እንደሆነ ነው። ነጋዴው አንድም ብር ሳይደብቅ እንደደበቀ ሰው ይጠየቃል። ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ድርጅት ሰዎች እንዲህ ያለውን ልዩነት ለማስረዳት የሁለት ዓመት ዜድ ሪፖርት በካርቶን ተሸክመው ሲመላለሱ አይቻለሁ፤ ያ ሁሉ ድካም በየቀኑ አንድ ተጨማሪ መስመር ባለመጻፍ የመጣ ነበር።

ከዚህ የከፋው ግማሹን ትክክል፣ ግማሹን ስህተት መሥራት ነው። ሽያጩ በትክክል ተመዝግቦ ቫቱ በዕዳ ሂሳብ ላይ ተቀምጧል፤ ሲከፈል ግን ሌላ ሰው «የታክስ ወጪ» ዴቢት ያደርገዋል። በዚህ ጊዜ ትርፉ በሌለ ወጪ ይቀንሳል፣ የተከፈለው ዕዳም ያልተከፈለ መስሎ በመዝገቡ ላይ ይቀራል።

ትክክለኛው የክፍያ ምዝገባ የወሩን ሁለቱንም ወገን ያያል። መደብሩ በሰኔ ወር ሙሉ የ800,000 ብር ዕቃ ሸጦ 120,000 ብር ቫት ሰብስቧል እንበል። በዚያው ወር ዕቃ ሲገዛ ለአቅራቢዎቹ በሕጋዊ ደረሰኝ 93,000 ብር ቫት ከፍሏል፤ ይህም በግዥው ጊዜ «በግዥ የተከፈለ ቫት» በሚል ሂሳብ ዴቢት ሆኖ ተይዟል። ለመንግሥት የሚገባው ልዩነቱ 27,000 ብር ነው። በሐምሌ ሲከፈል እንዲህ ይመዘገባል፦

ዴቢት፦ ሊከፈል የሚገባ ቫት 120,000
ክሬዲት፦ በግዥ የተከፈለ ቫት 93,000
ክሬዲት፦ ባንክ 27,000

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት የባንኩን ወረቀት ብቻ ይዞ ዕዳውን በ27,000 ብር ብቻ መቀነስ ነው። ያኔ 93,000 ብር በዕዳው ላይ፣ 93,000 ብር ደግሞ በግዥው ቫት ላይ ሳይዘጋ ይቀራል። በየወሩ ሲደራረብ የሀብትና ዕዳ መግለጫው በሁለቱም ወገን ያብጣል፤ ብድር ለመስጠት መግለጫውን የሚያይ ባንክ ነጋዴውን ታክስ ያከማቸ ሰው አድርጎ ይመለከተዋል። የግዥው ቫት ከሽያጩ በሚበልጥበት ወር ክፍያ የለም፤ ሆኖም ምዝገባ አለ። የሽያጩን ቫት በሙሉ ዴቢት አድርጎ የግዥውን ቫት በዚያው መጠን ክሬዲት ማድረግ ነው፤ የተረፈው የግዥ ቫት ለሚቀጥለው ወር ይሻገራል።

አንዳንድ ጠንቃቃ ነጋዴዎች የሰበሰቡትን ታክስ እንዳይነኩት ወደ ሌላ የባንክ ሂሳብ ያዛውሩታል። ልማዱን በጣም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ማዛወር መክፈል አይደለምና ዕዳው በዚያን ቀን መቀነስ የለበትም። ከአንዱ ባንክ ሂሳብ ወደ ሌላው የሄደ ገንዘብ ተብሎ ብቻ ይመዘገባል።

ክፍያ ዘግይቶ ቅጣትና ወለድ ከተጨመረ፣ ጭማሪው ወደ ቫቱ ዕዳ አይገባም፤ ከገዥ የተሰበሰበ ስላልሆነ የድርጅቱ የራሱ ወጪ ነው። በተለየ ሂሳብ መያዝ ያለበት ቅጣቱ የትርፍ ግብር ሲሰላ ከገቢ ላይ ስለማይቀነስ ነው።

እነዚህን ሁሉ ለመያዝ የምጠቀምበት ምርመራ አንድ ነው። የሰኔ ክፍያ ከተመዘገበ በኋላ «ሊከፈል የሚገባ ቫት» የሚለውን ሌጀር እከፍትና ከሐምሌ 1 ወዲህ የተሸጠውን ለይቼ አወጣለሁ፤ የቀረው ዜሮ መሆን አለበት። 27,000 ከቀረ ክፍያው በወጪ ተይዟል። 93,000 ከቀረ የግዥው ቫት አልተቻቻለም። ከዜድ ሪፖርቶቹ ድምር ጋር የማይገናኝ ሽርፍራፊ ቁጥር ከቀረ የመጀመሪያውን የስሌት ስህተት እጠረጥራለሁ። ሂሳቡ ከነአካቴው ከሌለ ደግሞ ሁሉም ነገር ሽያጭ ውስጥ ገብቷል።

ክፍያው በወጪ ተይዞ ከተገኘና የበጀት ዓመቱ ገና ካልተዘጋ፣ ማስተካከያው «ሊከፈል የሚገባ ቫት» 27,000 ዴቢት፣ «የታክስ ወጪ» 27,000 ክሬዲት ነው፤ በማብራሪያው ላይ የመጀመሪያው ምዝገባ ቀንና ቁጥር ይጻፋል እንጂ አሮጌው መስመር አይፋቅም። ዓመቱ ከተዘጋ ግን ወጪው ወደ ትርፍ ስለተሻገረ ክሬዲቱ የሚያርፈው በተጠራቀመ ትርፍ ላይ፣ ግለሰብ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ በካፒታል ሂሳቡ ላይ ነው፤ ያለፈው ዓመት የትርፍ ግብር ማስታወቂያም አብሮ ይስተካከላል።