ከንፈሩ ቀድሞ ድምፁ ሲዘገይ

በብሉቱዝ ሄድፎን ፊልም ስታዩ የተዋናዩ አፍ ተዘግቶ ድምፁ ገና እየመጣ ነው? ኢንተርኔቱን ከመራገማችሁ በፊት ብሉቱዙን አጥፉና በላፕቶፑ ስፒከር ስሙት። በስፒከር ከተስተካከለ ጣጣው ያለው ሄድፎኑ ላይ ነው። በስፒከርም ከዘገየ ግን ቪዲዮው ራሱ ነውና ሌላ ምንጭ ፈልጉ።

ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ይልካል፤ ሄድፎኑ ደግሞ እንዳይቆራረጥ ጥቂት አጠራቅሞ ነው የሚያሰማው። ኤስቢሲ በሚባለው ተራው የመጨመቂያ ዘዴ ላይ ይህ መዘግየት 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ሊደርስ ይችላል። ዓይን ደግሞ ይህን አያልፍም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቲቪ ላይ ነው። የድምፅ ማዘግያውን ያገኝና ቁጥሩን ይጨምራል። ያ ማስተካከያ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅን ወደኋላ ብቻ ነው የሚገፋው፤ የዘገየውን ጭራሽ ያብስበታል። ዜሮ ላይ መልሱት።

መጀመሪያ ሄድፎኑን አገናኙ፣ ከዚያ አፑን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ ክፈቱት። ብዙ ማጫወቻዎች የሄድፎኑን መዘግየት አይተው ምስሉን ራሳቸው ያቆዩታል፤ መሃል ላይ ሲገናኝ ግን አንዳንዴ ይስታሉ።

ዊንዶውስ ላይ በVLC የምታዩ ከሆነ J ን ተጫኑ። አንድ ጊዜ ሲጫኑት ድምፁን 50 ሚሊሰከንድ ያስቀድማል። የእኔ አራት ጊዜ፣ ማለትም -200 ላይ ገጠመልኝ። ካለፋችሁ K ይመልሰዋል። ለመለካት በር ሲዘጋ ወይም ሰው ሲያጨበጭብ ተመልከቱ፤ ንግግር ያታልላል።

ጌም ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ ምስሉ ሊቆይላችሁ አይችልም። እዚያ ባለሽቦውን ሰኩ።