የኢኮ ውጤት ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የልብ አልትራሳውንድ ምርመራ የሆነውን ኢኮ ተነስተው ወረቀቱ ላይ «ኢጀክሽን ፍራክሽን 60%» የሚል ሲያዩ «ልቤ አርባ በመቶው ሞቷል ማለት ነው» ብለው እንቅልፍ የሚያጡ አሉ። ኢጀክሽን ፍራክሽን፣ ባጭሩ ኢኤፍ፣ የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ከሞላው ደም ውስጥ በአንድ ምት ስንት በመቶውን ገፍቶ እንደሚያስወጣ ይናገራል። ጤነኛ ልብም የሞላውን ሁሉ አያወጣም። ከ55 እስከ 70 በመቶ ገደማ ጤናማ ነው፤ ስለዚህ 60 ጥሩ ቁጥር ነው።

ሁልጊዜ ግን አይደለም። ከዚህ የባሰው ስህተት ኢኤፉን አይቶ ስለ ቫልቩ የተጻፈውን ማለፍ ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖር ጎረቤቴ ኢኤፏ 59 ስለነበር «ደህና ነኝ» ብላ ቀጠሮዋን ተወችው። ደረጃውን ስትወጣ ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆማ ትንፋሿን ትሰበስባለች፤ ሌሊትም ትራስ ደራርባ ነው የምትተኛው። እዚያው ወረቀት ላይ «ሲቪር ማይትራል ሪገርጂቴሽን» ተብሎ ተጽፏል። ይህም በግራው የላይኛውና የታችኛው የልብ ክፍል መካከል ያለው ቫልቭ በደንብ ስለማይገጥም ደም ወደ ኋላ በብዛት ይመለሳል ማለት ነው።

በምሳሌ እናስላው። የታችኛው ክፍል 170 ሚሊ ሊትር ደም ይዞ 100 ቢያወጣ ኢኤፉ 59 በመቶ ይሆናል። ከ100ው 60ው በማይዘጋው ቫልቭ ወደ ላይኛው ክፍል ከተመለሰ ግን ለሰውነት የሚደርሰው 40 ብቻ ነው። ኢኤፍ የወጣውን እንጂ የት እንደሄደ አይለይም። ወደ ኋላ መግፋት ለልብ ቀላል ስለሆነም ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል። በዚህ ምክንያት ቫልቩ ራሱ ተጎድቶ ሪገርጂቴሽኑ ሲቪር ከሆነ፣ ኢኤፍ 60 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ሐኪሞች የልብ ጡንቻው መድከም እንደጀመረ ይቆጥሩታል። ታማሚው ምንም ባይሰማውም ስለ ቀዶ ሕክምና መነጋገር ይጀምራሉ። እሷ ደግሞ ምልክቱም አላት፤ ቀጠሮ መተው የሚገባት ሰው አልነበረችም።

በተቃራኒው የሚመለሰው ደም ጥቂት መሆኑን የሚገልጸውን «ትሬስ» ወይም «ማይልድ» የሚል ቃል አይቶ መደንገጥም አለ። ቫልቩ ጤነኛ መልክ ካለው ትንሽ መመለስ ብዙ ጤነኛ ሰዎች ላይ ይታያል። ሪፖርቱ ቫልቩ መወፈሩን ወይም የሩማቲክ ትኩሳት ያደረሰው ጉዳት መኖሩን ከጠቀሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ማይልድ ነው ተብሏል» ብሎ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወሰደውን የፔኒሲሊን መርፌ ማቆም አደገኛ ነው። መርፌው ያለውን ጉዳት አያድንም፤ የሩማቲክ ትኩሳት ተመልሶ ቫልቩን ዳግም እንዳይጎዳው ነው የሚከላከለው።

ሌላው፣ አምና 55 የነበረው ዘንድሮ ሌላ ቦታ 50 ቢባል ልብ ደከመ ብሎ መደምደም ነው። ኢኤፍ በዓይን ግምትም ይነበባል፤ በሁለት ባለሙያዎች መካከል የአምስት ነጥብ ልዩነት የተለመደ ነው። የቀድሞውን ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ ቢቻል እዚያው ቦታ ይነሱ። ሐኪሙንም ከኢኤፉ በተጨማሪ የግራው ክፍል ስፋት ካለፈው ጨምሮ እንደሆነ ይጠይቁት።