የከባድ መኪና ጥንድ የኋላ ጎማ፦ እንዴት ይዛመዳል፣ ንፋሱ እንዴት ይስተካከላል፣ መሃሉ የገባ ድንጋይ እንዴት ይወጣል

አሥር ጎማ ያለው ሲኖትራክ ገልባጭ ከኋላ ስምንት ጎማ አለው። ሁለት ሁለት ሆነው በአራት ቦታ ተጣምረዋል። ጥንዶቹ አንድ ሞዞ ላይ፣ በአንድ ዳዶ ነው የሚታሰሩት። ስለዚህ አንዱ አንዴ ሲዞር ሌላውም አንዴ ይዞራል። አንዱ ከሌላው በጥቂቱ እንኳ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መዞር አይችልም። የጥንድ ጎማ ችግር በሙሉ ከዚህ ነው የሚነሳው።

ትንሹ ጎማ በአንድ ዙር የሚሸፍነው መንገድ ያጥራል። ትልቁ ግን ረዘም ይላል። ሁለቱ እኩል እንዲሄዱ የተገደዱ ስለሆኑ አንዱ አስፋልት ላይ መፋተግ ግድ ይሆንበታል። ሸክሙንም እኩል አይካፈሉትም። ትልቁ ይሸከማል፣ ትንሹ ይጎተታል። የትንሹ ጥርስ ያለ ጊዜው ሲያልቅ ባለንብረቱ ብዙ ጊዜ ጥፋቱን ወደ ጎማው ዓይነት ያዞረዋል።

መጀመሪያ፦ ዙሪያውን ለኩ

ጎማ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ መሆኑ አይበቃም። ሁለቱም 12.00R20 ቢሆኑ እንኳ የተለያዩ ፋብሪካዎች ሥራ ከሆኑ መጠናቸው ሊለያይ ይችላል። አንዱ ካለቀ ደግሞ ይበልጥ ይለያያል። ስለዚህ መለካት ነው።

ጎማውን በክሪክ አንሱት። መኪናው በክሪክ ብቻ እንዳይቆም ታኮና ጠንካራ መደገፊያ አድርጉለት። ሁለቱንም ጎማ እኩል ንፉ። አዲስ ጎማ ከሆነ ተነፍቶ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ፣ ምክንያቱም አዲስ ጎማ መጀመሪያ ላይ ይለጠጣል። ከዚያ ሜትሩን በጥርሱ መሃል ዙሪያውን ጠምጥማችሁ ንባቡን ጻፉ።

የሚፈቀደው ልዩነት በመጠኑ ይወሰናል። እንደ 12.00 ባሉ ትልልቅ ጎማዎች፣ ማለትም ከ9.00 ጀምሮ፣ የዙሪያ ልዩነቱ ከ38 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። በዲያሜትር 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። እንደ ትንሹ አይሱዙ 7.50R16 ባሉት፣ እስከ 8.25 ድረስ፣ ግማሹን ያዙ፦ ዙሪያው 19 ሚሊ ሜትር፣ ዲያሜትሩ 6 ሚሊ ሜትር።

ከገደቡ በታች የሆነ ልዩነት ካለ ትንሹን ወደ ውስጥ፣ ትልቁን ወደ ውጪ እሰሩ። መንገድ መሃሉ ከፍ ብሎ ወደ ዳር ያዘነብላል፤ አክስሉም ሸክም ሲጫንበት ትንሽ ይጎብጣል። ሁለቱም ነገሮች የውስጡን ጎማ ይበልጥ ያስጨንቁታል። ትንሹን ውስጥ ስታደርጉ ይቀልለታል።

አንድ እውነተኛ ስሌት እንሥራ

የውጪው ጎማ ፈነዳ እንበል። ሾፌሩ አዲስ ገዝቶ አሰረ። አዲሱ 18 ሚሊ ሜትር ጥርስ አለው፣ ዙሪያው 3,534 ሚሊ ሜትር ነው። የውስጡ ደግሞ ጥርሱ 6 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል፣ ዙሪያው 3,459 ነው። ልዩነቱ 75 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከሚፈቀደው እጥፍ ገደማ ነው ማለት ነው።

መኪናው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ጎማው 283 ጊዜ ያህል ይዞራል። በየዙሩ 75 ሚሊ ሜትር ሲደመር 21 ሜትር ይሆናል። በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ሁለቱ ጎማዎች 21 ሜትር ያህል እርስ በርስ ሲጎተቱ ይውላሉ። ሸክም ሲጫን ትልቁ ስለሚጨፈለቅ ልዩነቱ በመጠኑ ይጠባል፣ ግን አይጠፋም። አዲሱ ጎማ ደግሞ ይበልጥ የሚጨፈለቀው ተደርቦ የሚመጣበትን ሸክም ስለተሸከመ ነው።

መፍትሔው አዲሱን ጎማ ማሰር አይደለም። ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር የቀረው ስኮርታ ካለ ለኩት። ዙሪያው 3,471 ከሆነ ከውስጡ ጋር ያለው ልዩነት 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እሱን ውጪ እሰሩና አዲሱን ስኮርታ አድርጉት። ሁለተኛ አዲስ ጎማ የገዛችሁ ቀን ሁለቱን አዲሶች አንድ ላይ ታጣምራላችሁ። ራዲያልና ተራ ጎማ ግን፣ ዙሪያቸው እኩል ቢሆን እንኳ፣ አንድ ላይ አይጣመሩም። ሸክም ሲያርፍባቸው የሚጨፈለቁበት መንገድ ይለያያል።

አንዳንዶች ያለቀውን ጎማ ንፋስ በመጨመር ከአዲሱ ጋር ሊያስተካክሉት ይሞክራሉ። አይሠራም። የራዲያል ጎማ ጥርስ ሥር ያለው የብረት ቀበቶ ዙሪያውን ይዞ ስለሚያስቀር ንፋስ ቢጨመር መጠኑ እምብዛም አይለወጥም።

ቀጥሎ፦ ንፋሱን ከውስጥ ጀምሩ

ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ነው። ተነድቶ ከነበረ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆሞ ይቀዝቅዝ። የሞቀ ጎማ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ያ ቁጥር ትክክለኛ ግፊቱ አይደለም።

ሁልጊዜ ከውስጡ ጎማ ጀምሩ። የሚደብቀው እሱ ነው። ቫልቩ ሩቅ ነው፣ እጅ አይገባም፣ ረዳቱም ቶሎ መጨረስ ይፈልጋል። ስለዚህ የውጪው በየሳምንቱ ይለካል፣ የውስጡ ግን ወራት ያልፉታል። ጎማው ሲታሰር ሁለቱ ቫልቮች ፊት ለፊት ተቃራኒ እንዲሆኑ፣ የውስጡም በውጪው ቸርኬ ቀዳዳ በኩል እንዲደረስበት ለጎሚስታው ንገሩት። ቫልቭ ማራዘሚያ ካስገጠማችሁ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይቀልላል።

የጥንዶቹ ልዩነት ከ5 ፒኤስአይ መብለጥ የለበትም። አምራቹ ካዘዘው ከ20 በመቶ በላይ የቀነሰ ጎማ ደግሞ ሳይነፋ እንደሄደ ይቆጠራል። 120 ፒኤስአይ የታዘዘለት ጎማ 96 ከታየበት ገደቡ ላይ ደርሷል። ከዚያ በታች ሲሆን ዝም ብላችሁ አትሙሉት። አውጥታችሁ ውስጡን ጎሚስታ ይየው። ጎኑ ውስጥ ያለው ሽቦ ተጎድቶ ከሆነ እየተነፋ እያለ ሊፈነዳ ይችላል።

በብረት ወይም በዱላ ጎማውን መትቶ ድምፁን ማዳመጥ ሙሉ በሙሉ የተኛውን ያሳያል። 25 ፒኤስአይ የቀነሰውን ግን ከጤነኛው አይለየውም። እዚህ ላይ ጆሮ ሳይሆን መለኪያ ነው የሚያስፈልገው።

የውስጡ ቢተኛ ምን እንደሚሆን ለማየት ጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 154/149 የተጻፈበት ጎማ ብቻውን ሲታሰር 3,750 ኪሎ ግራም፣ ሲጣመር ግን 3,250 ኪሎ ግራም ይሸከማል። የተቀነሰው ጥንዶች ሸክሙን ፍጹም እኩል ስለማይካፈሉ ነው። ሁለቱ በአንድነት 6,500 ኪሎ ግራም ይችላሉ። የውስጡ ሲተኛ ግን ያ ሁሉ 3,750 ብቻ በሚችለው ላይ ያርፋል። የተኛው ደግሞ ጎኑን ከወንድሙ ጎን ጋር እያፋተገ ይሞቃል። የፍሬኑም ሙቀት ለውስጡ ይቀርባል። የጎማ እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው። እሳት ከመነሳቱ በፊት የሚያስታውቅ ነገር አለ። ስትቆሙ እጃችሁን ወደ ሁለቱ አስጠጉ። አንዱ ከሌላው በግልጽ ከሞቀ ንፋሱ ቀንሶ ሊሆን ስለሚችል ለኩት።

ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ፣ አፋር ውስጥ፣ ሌላ ስህተት ይሠራል። ጎማው ሞቀ ተብሎ ንፋስ ይለቀቃል። የሚለቀቀው ደግሞ እጅ ከሚደርስበት፣ ከውጪው ብቻ ነው። ማታ ሁለቱም ሲቀዘቅዙ የውጪው ከሚገባው በታች ይሆናል፣ ጥንዱም ይበላለጣል። ሙቀቱ ግፊትን ከፍ ማድረጉ የታሰበበት ስለሆነ ንፋስ አታውጡ። ማቀዝቀዝ ከፈለጋችሁ ቁሙ ወይም ፍጥነት ቀንሱ።

በመጨረሻ፦ መሃሉ የገባው ድንጋይ

ድንጋይ የሚገባው የድንጋይ ካባ ውስጥና ኮረኮንች ላይ ነው። ስለዚህ ከካባ ወጥታችሁ አስፋልት ከመግባታችሁ በፊት ቁሙና ጥንዶቹን ከኋላ እዩ። ድንጋዩ ጎማው መሬት በሚነካበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሁለቱ ጎኖች አብጠው ይጨምቁታል። በየዙሩ እንዲሁ ነው። ጎኑን ይበሳዋል ወይም ይበላዋል። ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ይወረወራል፣ ከኋላ ለሚመጣው መኪና መስታወት።

መጀመሪያ ሞተሩን ከማጥፋታችሁ በፊት መኪናውን በዝግታ ትንሽ አንቀሳቅሱ፣ ድንጋዩ ከኋላ በኩል በወገብ ከፍታ ላይ እስኪሆን። እዚያ ጎማው ስላልተጨፈለቀ ክፍተቱ ሰፋ ይላል። ከዚያ ሞተር ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ታኮ ይደረግ። እጅ መሃል አይገባም። ጫፉ የደነዘ ወፍራም ብረት ይዛችሁ ድንጋዩን ወደ ውጪ አውጡት። ብረቱን የምትደግፉት በጥርሱ ላይ ይሁን። በጎኑ ወይም በቸርኬው ላይ አትደግፉት።

ካልወጣ መዶሻ አትምቱ፣ ወደ ውስጥ ብቻ ይነዳዋል። መኪናውን በክሪክ አንሱ፣ ደግፉ፣ የውጪውን ንፋስ ቫልቩን አውጥታችሁ አስወጡ። ጎኑ ሲላላ ድንጋዩ ብዙ ጊዜ ይለቅቃል። እንቢ ካለ የውጪው ጎማ ይውጣ። ዳዶ ከመፍታታችሁ በፊት የሁለቱም ንፋስ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን አረጋግጡ፤ የተጎዳ ጎማ ወይም የቸርኬ ቀለበት ሲለቅ ሰው ይገድላል።

ድንጋዩ ከወጣ በኋላ ሁለቱንም ጎኖች በባትሪ መብራት መርምሩ። ሽቦ ወይም ክር ከታየ ጎማው ከዚህ በኋላ ሸክም አይሸከምም። መልሳችሁ ስትነፉ ከመነሳት በፊት የሁለቱን ንፋስ አስተካክሉ። ዳዶዎቹንም ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከተጓዛችሁ በኋላ መልሳችሁ አጥብቁ። አንዳንድ ማዕድን የሚያወጡ ትልልቅ ገልባጮች በጥንዶቹ መሃል የሚንጠለጠል ብረት አላቸው፤ ድንጋይ ሲገባ መትቶ ያስወጣዋል። መንገድ ላይ የሚነዳው ተራ ገልባጭ ግን እንዲህ ያለ ነገር ብዙውን ጊዜ ስለሌለው ካባው በር ላይ መቆሙ የሾፌሩና የረዳቱ ሥራ ነው።