የ30 ቀኑ ይግባኝ ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ላይ ሲያበቃ የመጨረሻውን ቀን እንዴት እናገኛለን?

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወረዳ ፍርድ ቤት የሰጠውን ውሳኔ የሚቃወም ወገን ይግባኙን የሚያቀርበው ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ባለው 30 ቀን ውስጥ ነው። የተራ ፍትሐ ብሔር ክርክር ይግባኝ 60 ቀን ስለሆነ መጀመሪያ ጉዳይዎ የትኛው እንደሆነ ያረጋግጡ።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሐይቅ ላይ በሆቴል ትሠራ የነበረች ሠራተኛ ከሥራ በመሰናበቷ ክስ መሥርታ፣ የተሁለደሬ ወረዳ ፍርድ ቤት ሐሙስ ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ክሱን ውድቅ አደረገባት እንበል። ይግባኙን የምታስገባው ደሴ፣ ደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።

መጀመሪያ የውሳኔውን ቀን ይለዩ። የውሳኔው ግልባጭ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀን ይገኛል፤ አንዱ ውሳኔው የተሰጠበት፣ ሌላው ከማኅተሙ አጠገብ የሚጻፈው ግልባጩ ወጪ የሆነበት። በሥራ ክርክር የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ነው። ግልባጩ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ሁለት ሳምንቱ ከ30ው ላይ ይበላል። ስለዚህ ግልባጩን ውሳኔው በተነበበበት ዕለት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የማመልከቻውንም ቅጂ ይያዙ።

ቀጥሎ ይቁጠሩ። ውሳኔው የተሰጠበት ቀን አይቆጠርም፤ አንደኛው ቀን ጥር 22 ነው። እያንዳንዱ ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ሠላሳኛው ቀን በሚቀጥለው ወር ያው ቁጥር ላይ ያርፋል፦ ከጥር 21 የካቲት 21። ሥራው ቀላል የማይሆነው ጳጉሜን መሐል ስትገባ ነው። ያኔ ቁጥሩ በ5 ይቀንሳል፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ በ6። ነሐሴ 26 የተሰጠ ውሳኔ የሚያበቃው መስከረም 26 ሳይሆን መስከረም 21 ነው፤ የሚሳሳቱትም በብዛት እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ዕለቱን ይመልከቱ። 30 ቀን አራት ሳምንትና ሁለት ቀን ስለሆነ ሐሙስ የተሰጠ ውሳኔ ቅዳሜ፣ ዓርብ የተሰጠው እሑድ ያበቃል። ከሰኞ እስከ ረቡዕ የተሰጠ ውሳኔ ግን የሚገፋው በሕዝብ በዓል ብቻ ነው። አዋጁ ስለ ይርጋ፣ ማለትም ስለ ክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ አቆጣጠር ሲደነግግ የመጨረሻው ቀን የሥራ ቀን ካልሆነ ጊዜው በሚቀጥለው የሥራ ቀን ያበቃል ይላል። በምሳሌያችን የካቲት 21 ቅዳሜ ነው፣ የካቲት 22 እሑድ፣ የካቲት 23 ሰኞ ደግሞ የዓድዋ ድል በዓል። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ማክሰኞ የካቲት 24 ይሆናል። በ30ው ቀን መሐል የነበሩት ቅዳሜና እሑዶች ግን አንዱም አይቀነሱም፤ የሚገፋው መጨረሻው ላይ ያለው ብቻ ነው።

በዓል ሲባል በሕግ የሥራ መዝጊያ የሆነው እንጂ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚከበረው ሁሉ አይደለም። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ነው፤ አምባሰል በሰው ቢጥለቀለቅም የመንግሥት ቢሮ ይሠራልና የመጨረሻው ቀን አይገፋም። ኢድ አል ፈጥር በሌላ በኩል የሕዝብ በዓል ነው፤ ነገር ግን ቀኑ የሚታወቀው ጨረቃ ስትታይ ነው። «ነገ ኢድ ነው» ብለው ቢያሳድሩትና ጨረቃ ባትታይ ቢሮው ክፍት ሆኖ የእርስዎ ቀን ያልፋል። በኢድ አካባቢ የሚያበቃ ይግባኝ ካለዎት ከሁለት ቀን በፊት ይጨርሱት።

ሠራተኛዋ እስከ የካቲት 24 ጊዜ ቢኖራትም ዓርብ የካቲት 20 ደሴ ብትገኝ ይሻላታል። ድንጋጌው የሚናገረው ስለ ይርጋ ስለሆነ አሠሪዋ «ለይግባኝ አይሠራም» ብሎ መቃወሚያ ሊያነሳ ይችላል፤ በ30ው ውስጥ የገባ ይግባኝ ግን ይህ ክርክር አይነካውም። ዓርብ ከሆነ ማለዳ ይግቡ፤ የምሳ ሰዓቱ ለጁምዓ ሶላት ሲባል ይረዝማል። አቤቱታውን ለሬጅስትራር ሲያስረክቡ ገቢ የሆነበት ቀን በእርስዎ ቅጂ ላይም መመታቱን እዚያው ቆመው ይዩ።

እስከ ማክሰኞ የቆየ ሰው አቆጣጠሩን አቤቱታው ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስፍር፦ «ውሳኔው የተሰጠው ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲሆን፣ 30ኛው ቀን ቅዳሜ የካቲት 21 በመሆኑ፣ የካቲት 23ም የሕዝብ በዓል ስለሆነ፣ ይግባኙ በሚቀጥለው የሥራ ቀን የካቲት 24 ቀርቧል።» ይህ ካልተጻፈ መዝገቡን የሚቀበለው ሠራተኛ ጥር 21 እና የካቲት 24ን ብቻ አይቶ ጊዜው አልፏል ሊል ይችላል።