ኔትወርክ ሙሉ ነው፣ ዳታ ግን አይሠራም

በስልኩ አናት ላይ የሚታዩት የኔትወርክ ዘንጎች የሚናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስልኩ የአንቴናውን ሞገድ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚያገኘው። ሲሙ መመዝገቡን፣ ሂሳብ መኖሩን ወይም ስልኩ የኢንተርኔቱን መግቢያ ማወቁን አይናገሩም። ጅማ ውስጥ «ተበላሽቷል» ተብሎ ለጥገና ከሚመጣው ስልክ ብዙው በዚህ ምክንያት የሚመጣ ነው፤ መፍታትም ሆነ መበየድ አያስፈልገውም።

መጀመሪያ *804# ይደውሉ

በኢትዮ ቴሌኮም ሲም ቀሪ ሂሳብ የሚታየው በዚህ ቁጥር ነው። ጥቅሙ ግን ከሂሳብ በላይ ነው። መልሱ በኢንተርኔት በኩል ስለማይመጣ ዳታው ቢዘጋም ይደርሳል። መልስ ከመጣ ሲሙ በኔትወርኩ ላይ ተመዝግቧል ማለት ነው፤ በዚያው የቀረውንም ያያሉ። ሲያነቡ የድምፅ ደቂቃና ኢንተርኔት የተለያዩ መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ብዙ ደቂቃ እያለ የኢንተርኔት ጥቅሉ ያለቀ ወይም ቀኑ ያለፈ ሊሆን ይችላል። የሌሊት ጥቅል ደግሞ ቀን ላይ ቢታይም አይሠራም።

መልስ ካልመጣ ችግሩ ምዝገባው ላይ ነው። የአውሮፕላኑን ምልክት ነክተው ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይተው ያጥፉት፤ ስልኩ እንደ አዲስ ይመዘገባል። አሁንም እምቢ ካለ በሴቲንግ ውስጥ የኔትወርክ ምርጫው Automatic መሆኑን ይዩ። አንዳንድ ሰው ከከተማ ውጭ ሳለ በእጁ መርጦ ይረሳዋል። ቀጥሎ ሲሙን በሌላ ስልክ ይሞክሩት፤ እዚያም ካልተመዘገበ ጥፋቱ የሲሙ ስለሆነ አገልግሎት ማዕከል ይሂዱ።

መልስ መጥቶ፣ ጥቅልም እያለ የማይከፍት ከሆነ

ሁለት ሲም ያለው ስልክ ከሆነ ዳታው የትኛው ሲም ላይ እንደተመደበ ይመልከቱ። ጥቅሉ በአንደኛው ተገዝቶ ዳታው ከሁለተኛው የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነው። የቪፒኤን ቁልፍ ምልክት አናት ላይ ካለም ያጥፉት። እነዚህ ካልሆኑ የሚቀረው ኤፒኤን ነው፤ ስልኩ ወደ ኢንተርኔት ለመግባት የሚጠራው የበር ስም ማለት ነው።

የቦሳ ነዋሪ የሆኑ አንዲት እናት ልጃቸው ከሳዑዲ የላከችላቸውን ስልክ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይደወልበታል፤ ልጄን ግን በምስል ላያት አልቻልኩም» አሉኝ። ዘንጎቹ ሙሉ ናቸው፤ ከጎናቸው ግን 4Gም ሆነ H የሚል ፊደል የለም። *804# ሲደወል መልስ መጣ፤ የኢንተርኔት ጥቅልም አላቸው። የኤፒኤኑ ገጽ ሲከፈት ባዶ ነው። ስልክ ሲመረት የየአገሩ ኤፒኤን ዝርዝር ይጫንበታል፤ ለሌላ ገበያ የተሠራ ስልክ ዝርዝሩ ላይ የኢትዮጵያን ላያካትት ይችላል። ስለዚህ Reset to default ቢባልም የሚመልሰው ነገር የለውም፤ በእጅ መጻፍ ግድ ነው።

በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ የሞባይል ኔትወርክን፣ ከዚያ Access Point Names የሚለውን ይክፈቱ። የመደመር ምልክቱን ነክተው ይህን ይሙሉ፤

```
Name: ethio
APN: etc.com
MCC: 636
MNC: 01
APN type: default
```

ሌላውን ባዶ ይተዉት። MCC እና MNC ከሲሙ ተነበው በራሳቸው ይሞላሉ፤ ሳያስፈልግ አይንኳቸው፤ ከሲሙ ጋር ካልተስማሙ የጻፉት ኤፒኤን ከዝርዝሩ ይሰወራል። የሚያስቸግረው ሌላው ነገር የስልኩ ኪቦርድ ነው። ከነጥብ በኋላ ራሱ ክፍተት ይጨምርና etc. com ያደርገዋል። ዓይን አያየውም፤ ኔትወርኩ ግን እንዲህ የሚባል በር አያውቅም።

ሞልተው ሲጨርሱ ወደኋላ ብቻ አይመለሱ። በሦስቱ ነጥቦች ገብተው Save ይበሉ፤ ከዚያ ዝርዝሩ ላይ ከስሙ አጠገብ ያለችውን ክብ ይንኩ። ክቧ ካልተመረጠች የተጻፈው ሁሉ ተቀምጦ ይቀራል እንጂ አይሠራም። በመጨረሻ የአውሮፕላኑን ምልክት አብርተው ያጥፉት። የእናትዬዋ ስልክ ላይ 4G ብቅ ያለው በዚህ ጊዜ ነው፤ እዚያው ቆመው ደወሉላት።

ፊደሉ እያለ ዘገምተኛ ከሆነ

4G ተጽፎ፣ ገጹ አንዳንዴ እየከፈተ አንዳንዴ የሚቆም ከሆነ ኤፒኤኑን አይንኩት፤ የተሳሳተ ኤፒኤን ጭራሽ አያስገባም እንጂ አያዘገይም። ሐሙስ በገበያ ሰዓት መርካቶ አካባቢ አንዱን አንቴና ብዙ ሰው ይሻማዋል። ዘንጎቹ ያን ጊዜም ሙሉ ናቸው፤ ሞገዱ ጠንካራ ነውና። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ያው ስልክ ማታ ወይም ጅሬን ወጥተው ሲሞክሩት ከፈጠነ በስልኩ ላይ የሚስተካከል ነገር የለም።