መጽሐፉ የት አገር እንደታተመ ከጀርባው ቁጥር ማወቅ

የመጽሐፉን አይኤስቢኤን ስታዩ መጀመሪያ ያለውን 978 ዝለሉት። አሳታሚው የተመዘገበበትን አገር ወይም የቋንቋ ክልል የሚነግራችሁ ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው። 0 እና 1 የእንግሊዝኛ፣ 2 የፈረንሳይኛ፣ 3 የጀርመንኛ ነው። 965 እስራኤል፣ 9966 ኬንያ፣ 99944 ደግሞ የኛው ኢትዮጵያ ነው።

ጭረት ካለው እስከሚቀጥለው ጭረት ማንበብ ይበቃል። ችግሩ ባርኮዱ ላይ ቁጥሩ ተያይዞ ሲጻፍ ነው። በ9 ከጀመረ ቀጣዮቹን ተመልከቱ፦ ከ95 እስከ 98 ከሆነ ሦስት አሃዝ ነው። 99 ሆኖ ሦስተኛው ከ9 ሌላ ከሆነ አራት፣ 999 ከሆነ ግን አምስት አሃዝ ውሰዱ። ስለዚህ 97899944 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ላይ 978ን ስትቀንሱ 999 ይመጣል፤ አምስት ስትቆጥሩ 99944 ታገኛላችሁ።

መነሻው 979 ከሆነ ይህን ሠንጠረዥ አትጠቀሙ፤ እዚያ 8 ማለት አሜሪካ ነው። አሜሪካ የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ 979-8 ቢል አይግረማችሁ፤ ቁጥሩ የሚከተለው አሳታሚውን እንጂ መጽሐፉ የተጻፈበትን ቋንቋ አይደለም። ባለ 10 አሃዝ የድሮ ቁጥር ደግሞ 978 ስለሌለው ከመጀመሪያው አሃዝ ጀምሩ።